«ስንት ነው? የት ናችሁ?» ለቤት ውስጥ ኬክ የመጀመሪያውን ካፕሽን መጻፍ

«እንኳን ወደ ገጻችን በሰላም መጡ! ለማንኛውም ዝግጅትዎ ጣፋጭ፣ ጥራታቸውን የጠበቁ ኬኮችን በተመጣጣኝ ዋጋ እናቀርባለን። ለበለጠ መረጃ በውስጥ መስመር ያናግሩን።»

ኢንስታግራም የሚጠቀም ሰው ይህን ጽሑፍ፣ ወይም አንድ ሁለት ቃል የተቀየረለትን ወንድሙን፣ አንብቦት ያውቃል። ስህተት የለበትም፤ ጨዋ ነው። ችግሩ «ኬኮችን» የሚለውን አውጥታችሁ «መጋረጃዎችን» ብትተኩበት አንዳችም ነገር የማይጎድልበት መሆኑ ነው። ጽሑፉ ስለ ኬክ አልተጻፈም። ስለ ማንም አልተጻፈም።

ይህን የሚጽፉት ሰነፎች አይደሉም። ኬኩን ለመሥራት ሌሊቱን ያነጉ፣ ክሬሙን ሦስት ጊዜ አስተካክለው ፎቶውን በመስኮት ብርሃን ያነሱ ሰዎች ናቸው። ፎቶው ተጭኖ የካፕሽኑ ባዶ ቦታ ፊታቸው ሲመጣ ግን ምን እንደሚባል ይጠፋቸዋል፤ ከዚያ በሬዲዮ ማስታወቂያ የሰሙት ዓይነት አማርኛ ራሱ እየመጣ ይጻፋል። እዚህ የምንነጋገረው በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሚጻፍ ብቻ ነው። ስለ ፎቶ አነሳስም ሆነ ተከታይ ስለማብዛት ሌላ ቀን ይነገራል።

አንዲት ጀማሪ እናስብ። አዲስ አበባ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ትኖራለች። እስካሁን ለዘመድና ለጎረቤት ስትጋግር ቆይታ አሁን በገንዘብ መሸጥ ጀምራለች። የሠራችው ባለፈው ቅዳሜ አምስት ዓመት ለሞላት ልጅ የታዘዘ የልደት ኬክ ነው፤ ላዩ ነጭ ክሬም፣ ዙሪያውን ሐምራዊ የክሬም አበባ። ፎቶው ጥሩ ወጥቷል። ገጹ ተከፍቷል፣ ግን ባዶ ነው። ይህ የመጀመሪያው ፖስት ይሆናል።

መጀመሪያ ፎቶው ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ ትለይ። የሚያሳየው የኬኩን ላይ ነው። ነጭ ነው፣ አበባ አለው፣ ቆንጆ ነው፤ ይህን ያየ ሰው በጽሑፍ ዳግም ሊነገረው አያስፈልግም። የማያሳየው ደግሞ ብዙ ነው፦ ውስጡ ቸኮሌት ይሁን ቫኒላ፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚያበላ፣ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ፣ ዋጋው፣ የት እንደተሠራ፣ ከስንት ቀን በፊት መታዘዝ እንዳለበት። ካፕሽን የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ቃል ከመጻፏ በፊት እነዚህን መልሶች በወረቀት ላይ ብታሰፍር ግማሹን ሥራ ጨርሳለች ማለት ነው። «ምን ልበል?» የሚለው ጭንቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው መልሶቹ ገና ስላልተወሰኑ እንጂ ቃላት ስለጠፉ አይደለም። ከስንት ቀን በፊት ትእዛዝ እንደምትቀበል ራሷ ያልወሰነች ሴት ካፕሽን ላይ ልትጽፈው አትችልም።

ኪሎውን እንውሰድ። እኛ አገር ቶርታ የሚታዘዘው በኪሎ ነውና ደንበኛው ቶሎ የሚገባው መለኪያ እሱ ነው። ጀማሪዋ ኬኩን ጨርሳ ከነመቀመጫ ካርቶኑ መዝናዋለች፤ የካርቶኑ ክብደት ሲቀነስ 2 ኪሎ ሆኗል። ክሬሙ በኪሎው ውስጥ መቆጠሩን ማወቅ አለባት፤ «ከነክሬሙ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ አይጠፋም። ቁራሹ 100 ግራም ገደማ ከሆነ 2 ኪሎ ኬክ ለ20 ሰው ይዳረሳል። ብዙ ሰው «2 ኪሎ» ሲባል በዓይነ ኅሊናው ምንም አይመጣለትም፤ «20 ሰው ያበላል» ሲባል ግን የሚጠራቸውን እንግዶች መቁጠር ይጀምራል።

አሁን ወደ መጀመሪያው መስመር። ኢንስታግራም ለአንድ ካፕሽን እስከ 2,200 ፊደልና ምልክት ድረስ ይፈቅዳል፤ ይህ ከሚያስፈልገን በላይ ነው። ነገር ግን ሰው ስልኩን እያንሸራተተ ሲያልፍ የሚታየው የዚህ ሁሉ መጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት መስመር ብቻ ነው። የቀረው ተቆርጦ «more» የምትል ትንሽ ቃል ትቀመጣለች፤ እሷን የነካ ብቻ ቀሪውን ያነባል። ከዚያች አጭር ቦታ ላይም የገጹ ስም ከፊት ስለሚቀድም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። እንግዲህ ከላይ ያየነው ካፕሽን ይህችን ውድ ቦታ የሰጠው ለምን ነበር? ለእንኳን ደህና መጣችሁ። ቀሪውን ለማንበብ ምክንያት ያላገኘ ሰው ያልፋል።

የኛ ፊደል እዚህ ላይ ትንሽ ይጠቅመናል። አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም አብሮ ስለሚይዝ በአጭር ቦታ ብዙ ይባላል። ለምሳሌ፦

«የ2 ኪሎ የልደት ኬክ፤ ውስጡ ቸኮሌት፣ ላዩ ነጭ ክሬም። የሠራሁት ሰሚት፣ ቤቴ ውስጥ ነው።»

ይህ ከነክፍተቱ 60 እንኳ አይሞላም። «ምን ዓይነት ኬክ ነው፣ ምን ያህል ነው፣ ውስጡ ምንድን ነው፣ ማን ሠራው፣ የት ነው» የሚሉት ሁሉ ግን ተመልሰዋል። የማሞገሻ ቅጽል የለበትም። «ምርጥ» የለም፣ «ልዩ» የለም፣ «ጣፋጭ» የለም። ጣፋጭ ነኝ የማይል ኬክ ስለሌለ ቃሉ ለአንባቢው የሚጨምርለት ነገር የለም፤ «ውስጡ ቸኮሌት» ግን ቸኮሌት የሚወድ ልጅ ያለውን ሰው ያስቆማል።

እነዚህ ተራ የሚመስሉ ቃላት መጀመሪያ ላይ መቀመጣቸው ሌላም ጥቅም አለው። ኢንስታግራም በ2021 የፍለጋ አሠራሩን ለተጠቃሚዎች ሲያብራራ፣ አንድ ፖስት በፍለጋ እንዲገኝ ከተፈለገ ቁልፍ የሆኑት ቃላትና ሀሽታጎች በአስተያየት መስጫው ሳይሆን በካፕሽኑ ውስጥ እንዲጻፉ መክሯል። «የልደት ኬክ ሰሚት» ብላ የምትፈልግ እናት «ለማንኛውም ዝግጅትዎ» የሚለውን ጽሑፍ የምታገኝበት መንገድ ጠባብ ነው። «የልደት ኬክ» እና «ሰሚት» ተብሎ ከተጻፈ ቢያንስ የመገናኘት ዕድል አለ።

ከመጀመሪያው መስመር በኋላ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ስለዚህ ኬክ ትጽፋለች፤ ስለ ኬክ በጠቅላላው አይደለም። ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው፤ ገጹን ያስተዋውቁና ኬኩን ይረሱታል። ገጹ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ቦታ አለው፤ ከስም ሥር ያለው ባዮ የሚባለው። ካፕሽኑ ግን የፎቶው ጓደኛ ነው። ጀማሪያችን ምን ትዝ ይላታል? የልጅቷ እናት ደውላ «ስኳሩ እንዳይበዛብኝ» እንዳለቻት፣ እሷም ክሬሙን ቀለል አድርጋ እንደመታችው፣ መሀሉ ላይም ስስ የእንጆሪ ማርማላታ እንዳደረገች። ይህን እንዳለ ትጻፈው። «እንደ ፍላጎትዎ እንሠራለን» ከሚለው መፈክር ይልቅ ሰው ጠይቋት የቀነሰችው ስኳር የበለጠ ይታመናል፤ «ለኔም ብላት ትሰማኛለች» ያሰኛል።

አንድ ነገር በመሀል ላንሳ። ፎቶው የራሷ መሆን አለበት፤ ካፕሽኑም ይህን ያለ ማወላወል ይናገር። ከፒንተረስት የተወሰደ የሌላ ሰው ኬክ ለጥፎ «ትእዛዝ እንቀበላለን» ማለት በሰፈራችን የተለመደ ነው፤ ውጤቱም የታወቀ ነው፤ ደንበኛው ያንን ፎቶ ይዞ ይመጣና «ይህን አይደለም ያዘዝኩት» ይላል። የመጀመሪያው ኬክ ለመለማመጃ የተሠራ ቢሆንም እንኳ «ለልምምድ የሠራሁት» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም።

ወደ ዋጋው ስንመጣ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ለኔ ከሁሉ የከፋው ነው። የሚሰጡት ምክንያት አይጠፋም፤ ተፎካካሪ እንዳያይ፣ ደንበኛው ዋጋውን ብቻ አይቶ እንዳይሸሽ፣ እያንዳንዱ ኬክ የተለያየ ስለሆነ። የመጨረሻው እውነት ነው፤ ፎንዳንት የለበሰና ባለ ሁለት ፎቅ ኬክ ከተራ የክሬም ኬክ ጋር እኩል አይሸጥም። መፍትሔው ግን መደበቅ አይደለም፤ ፎቶው ላይ ያለው ኬክ በስንት እንደተሸጠ መጻፍ ነው። አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ሳይጠይቅ ያልፋል፤ ይህም ለሁለቱም ጊዜ ይቆጥባል። የሚጠይቀው ደግሞ ዋጋውን አውቆ የመጣ ስለሆነ ንግግሩ ከቀን ቀጠሮ ይጀምራል። አንዲት ብቻዋን የምትጋግር ሴት በቀን ለሠላሳ ሰው «ስንት ነው?» መልስ ስትሰጥ ሊጡ እየጠበቃት ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለው። የቅቤና የእንቁላል ዋጋ ሲወጣ ካፕሽኑ ላይ ያለው ቁጥር ባለበት ይቀራል። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሰው ያንን ፖስት ከፍቶ ስክሪንሾት አንሥቶ «እዚህ ላይ እንዲህ ይላል» ይላታል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን «የግንቦት ዋጋ» ብላ ወሩን ትጻፍ። ክርክሩ ከመነሣቱ በፊት ይዘጋል።

በእኛ አገር ካፕሽን ላይ ከዋጋም በላይ አደጋ የሚያመጣው ቀንና ሰዓት ነው፤ ስለ ካፕሽን አጻጻፍ በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ምክሮች ይህን አያውቁትም። እኛ ሁለት የቀን መቁጠሪያና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር ይዘን ነው የምንኖረው። ደንበኛ «ለ10/9 እፈልጋለሁ» ብሎ ጻፈ እንበል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካነበብነው ዘጠነኛው ወር ግንቦት ነውና ግንቦት 10 ማለት ነው፤ እሱም ሜይ 18 ነው። በፈረንጆቹ ቀን አስቀድመን ካነበብነው ሴፕቴምበር 10 ይሆናል፤ በአብዛኛው ዓመት የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማለት ነው። አሜሪካ ያለ ሰው ከጻፈው ደግሞ ኦክቶበር 9 ነው፤ እዚያ ወሩ ይቀድማልና። ሦስቱም ሰው ኬክ ሊያዝባቸው የሚችላቸው ቀኖች ናቸው። የመጨረሻውን እንደ ቀልድ አትዩት፤ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ሆኖ አዲስ አበባ ላለች እናቱ የልደት ኬክ የሚያዝ ልጅ ዛሬ ብርቅ አይደለም፤ ኢንስታግራም ላይ ኬክ ሠሪ የሚፈልገውም በአብዛኛው ሱቁ ድረስ መሄድ የማይችለው እሱ ነው።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። «ቅዳሜ 8 ሰዓት» ለኛ ከምሳ በኋላ ነው፤ የፈረንጅ ሰዓት በለመደ ሰው ጆሮ ግን ወይ ጠዋት ነው ወይ ማታ። ኬኩ ፍሪጅ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል ወይም እንግዶቹ ጠረጴዛው ዙሪያ ቆመው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ካፕሽኑ ላይ ቀን ሲጠየቅ «ቀኑን ከነወሩ ስም» ተብሎ ይጠየቅ። ወር በስሙ ሲጻፍ፣ «ግንቦት 10» ወይም «ሜይ 18» ሲባል፣ መሳሳት በጣም ይከብዳል። ሰዓት የግድ መጻፍ ካለበት «ከቀኑ 8 ሰዓት» ይባል፤ «ከቀኑ» የምትለዋ ቃል ሥራ አላት።

ለአንባቢው በምን ዓይነት አጠራር እንደምትናገርም አስቀድማ ትወስን። አማርኛ ይህን ምርጫ ለማንም አይተውለትም፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ወይም እናንተ ማለት ግድ ነው። ብዙ የንግድ ገጾች በአንዱ መስመር «ያናግሩን» ይሉና በሚቀጥለው «ላኩልን» ይላሉ፤ አንዳንዴም «እዘዢ» ይከተላል። አንዲት አንባቢ በሦስት መስመር ውስጥ አክስትም እህትም ሕዝብም ሆነች ማለት ነው። «እርስዎ» ለአንድ ሰው አክብሮት ነው፤ ግን በየመስመሩ ሲደጋገም የባንክ ደብዳቤ ይመስላል። «አንቺ» ሞቅ ይላል፤ ሚስቱን ሊያስደስት የመጣውን ባል ግን ያስወጣል። ለኬክ ገጽ «እናንተ» ከሁሉ ይቀላል፤ ወንድም ሴትም፣ ትልቅም ትንሽም ያስገባል። ራሷንስ? ብቻዋን ከሆነች «እሠራለሁ» ትበል። «እናቀርባለን» ስትል ፋብሪካ ያላት ለመምሰል ነው፤ ሰው ወደ ቤት ኬክ ሠሪ የሚመጣው ግን ፋብሪካ ስላልሆነች ነው።

መጨረሻ ላይ አንባቢው ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልግ በአንድ ነገር ብቻ ትንገረው። «ደውሉ፣ ወይም ቴሌግራም ጻፉ፣ ወይም አስተያየት ላይ አስቀምጡ፣ ላይክና ሼር አትርሱ» የተባለ ሰው አንዱንም አያደርግም። ከዚያ በላይ የሚጠቅመው ግን መልእክቱ ውስጥ ምን እንዲጽፍ መንገር ነው። «ሰላም» ብሎ የሚጀምር፣ መልስ የሚጠብቅ፣ ከዚያ «ኬክ ፈልጌ ነበር» የሚል ንግግር ቀኑን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል። ካፕሽኑ «ቀኑን፣ ኪሎውንና በኬኩ ላይ የሚጻፈውን ስም ላኩልኝ» ካለ የመጀመሪያው መልእክት ራሱ ትእዛዝ ሆኖ ይመጣል።

ስሙን ደንበኛው ራሱ ጽፎ እንዲልክ መጠየቅ በተለይ ዋጋ አለው። በስልክ የተነገረ ስም ክሬም ላይ ሲጻፍ ሔለን ሄለን ትሆናለች፣ ፀጋ ጸጋ ይሆናል። ድምፁ አንድ ነው፤ ልጇን ስታስመዘግብ አንዱን ፊደል መርጣ የጻፈች እናት ግን ታየዋለች። ጽሑፉ በውስጥ መስመር ካለ ኬክ ሠሪዋ እሱን እያየች ትገለብጣለች፤ ቢሳሳትም የማን ስህተት እንደሆነ ግልጽ ነው።

እንግዲህ ሁሉም ሲሰበሰብ የጀማሪያችን ካፕሽን እንዲህ ይሆናል። ዋጋው ለምሳሌ ያህል የገባ ነው፤ እያንዳንዷ የራሷን ሒሳብ ሠርታ የራሷን ታስገባ።

የ2 ኪሎ የልደት ኬክ፤ ውስጡ ቸኮሌት፣ ላዩ ነጭ ክሬም። የሠራሁት ሰሚት፣ ቤቴ ውስጥ ነው።

አምስት ዓመት ለሞላት ልጅ ነው። እናቷ «ስኳሩ እንዳይበዛብኝ» ስላለችኝ ክሬሙን ቀለል አድርጌ መታሁት፤ መሀሉ ላይ ስስ የእንጆሪ ማርማላታ አለ።

20 ሰው ያበላል።
ኪሎው 1,500 ብር (የግንቦት ዋጋ)።
ትእዛዝ ቢያንስ ከ3 ቀን በፊት፣ ግማሹን ቀብድ።
ከሰሚት መውሰድ ይቻላል፤ በመኪና ልላክላችሁም እችላለሁ፣ የመኪናውን የሚከፍለው አዛዡ ነው።

ለማዘዝ ቀኑን ከነወሩ ስም፣ ኪሎውንና በኬኩ ላይ የሚጻፈውን ስም ጽፋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።

#የልደት_ኬክ #ሰሚት #አዲስ_አበባ #addisababa

ረጅም አይደለም። በመስመር መለያየቱን ልብ በሉ፤ ዋጋና ቀን የሚፈልግ ሰው ታሪኩን ሳያነብ በዓይኑ ያገኘዋል። «በመኪና» የሚለውም ሳይታሰብበት አልገባም፤ የክሬም ኬክ በሞተር ሲላክ በየጉብታው አበባው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ቀብዱም በካፕሽን ላይ አስቀድሞ መጻፉ በኋላ ከማፈር ያድናል፤ የታዘዘ ኬክ ስም ተጽፎበት ለሌላ ሰው አይሸጥም።

ሀሽታጎቹ ሦስት አራት ቢሆኑ በቂ ናቸው። በሀሽታግ መሀል ባዶ ቦታ ካለ ከቦታው በኋላ ያለው ቃል ስለሚቀር «የልደት ኬክ»ን በሰረዝ ማገናኘት ያስፈልጋል፤ ሰረዙም ከታች የሚሰመረው ነው። አንዱን በላቲን ፊደል ማስገባቱ ስልካቸው ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ለሌላቸው ብዙ ሰዎች ነው። የቴሌግራም ሊንክ ካፕሽን ውስጥ አትጻፍ፤ ሲነካ አይከፈትም፤ ቦታው ባዮ ላይ ነው። ሰፈሯን መናገር ያስፈልጋል፤ የብሎክና የቤት ቁጥሯን ግን ቀብድ ለከፈለ ሰው በውስጥ መስመር ብቻ። የልጅቷ ስም ኬኩ ላይ በጉልህ ከታየም ፎቶው ከመለጠፉ በፊት እናቷን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ካልፈቀደች ስሙ በማይታይበት ጎን የተነሣ ፎቶ ይመረጣል።

ጽሑፉን በቀጥታ ኢንስታግራም ላይ ከመጻፍ በስልኩ የማስታወሻ መተግበሪያ ላይ ጽፎ መገልበጥ ይሻላል፤ ጥሪ ገብቶ መተግበሪያው ቢዘጋ የተጻፈው አይጠፋም። ከለጠፈች በኋላ ደግሞ በሌላ ሰው ስልክ ከፍታ ትየው። መቁረጫው የት ላይ እንደወደቀ ማየት ያለባት እዚያ ነው፤ «ቸኮሌት» ከሚለው ቃል በፊት ከተቆረጠ የመጀመሪያው መስመር ማጠር አለበት።

ማስተካከል ይቻላል። ከፖስቱ በላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ «Edit» የሚለውን መምረጥ ነው፤ ፎቶውን በሌላ መተካት አይቻልም፣ ጽሑፉን ግን በፈለገችው ጊዜ መቀየር ትችላለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ካፕሽን ተጽፎ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ምን እንደጎደለው የሚነግሯት ደንበኞቿ ናቸው። ተደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ካለ ወይ መልሱ አልተጻፈም፣ ወይ ሰው በማያየው ቦታ ተጽፏል። ዋጋው ተጽፎ ሳለ «ስንት ነው?» የሚሉ ከበዙ የዋጋው መስመር ወደ ላይ መውጣት አለበት። ሁሉም «የት ናችሁ?» ካሉ ሰሚት የምትለው ቃል አልታየችም።

ለጀማሪያችን በመጀመሪያው ሳምንት ተደጋግሞ የሚመጣላት ጥያቄ ምናልባት ያላሰበችው ይሆናል፦ «የጾም ይሠራል?» ረቡዕና ዓርብ አሉ፣ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ልደት ደግሞ ጾም አይጠብቅም። ቶሎ ብላ «የጾምም አለ» ብላ ካፕሽኑ ላይ ልትጨምር ትችላለች። ከመጨመሯ በፊት ግን የክሬሙን ካርቶን ገልብጣ ጀርባውን ታንብብ። በዱቄትም በፈሳሽም የሚሸጡ ብዙ የክሬም ዓይነቶች ከአትክልት ዘይት የተሠሩ ናቸው ተብለው ይሸጡና ከይዘታቸው ዝርዝር ውስጥ ሶዲየም ኬዚኔት ይገኛል። እሱ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። እንቁላልና ቅቤ ያልገባበት ኬክ ላይ ይህ ክሬም ከተቀባ ኬኩ የጾም አይደለም፤ የጠየቀችው ሴት ደግሞ አምና በልታ ለእንግዶቿ ታቀርባለች። ለወተት አለርጂ ላለበት ልጅ ከሆነ ጉዳዩ ከጾምም ያልፋል።

ካርቶኑ ላይ የወተት ነገር ከሌለ በካፕሽኑ ላይ ከዋጋው መስመር በታች ይህን ትጨምራለች፦

የጾም ኬክ እሠራለሁ፤ እንቁላል፣ ቅቤና ወተት የለውም፣ ክሬሙም ከወተት ነጻ ነው። የምመታበት ዕቃ ግን የፍስኩም ነው፤ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩኝ።

ፊደሉንም ታስብበት። «ጾም» ብሎ የሚፈልግም «ፆም» ብሎ የሚፈልግም አለ፤ ለስልኩ ጸ እና ፀ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ጽሑፉ ላይ «የጾም ኬክ» ከተባለ ሀሽታጉ ላይ #የፆም_ኬክ ይሁን።